33 በመቶው ሙቀት አልነበረም

የፊዚክስ ላብ አስተምራለሁ። ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ትምህርት በሁለት ሳምንት እንሠራዋለን። መጀመሪያ ፔንዱለም፣ ቀጥሎ ትንሽ የሮለር ኮስተር ሐዲድ። ለሁለቱም የምንጠቀመው አንዲት 50 ግራም የምትመዝን ድፍን የብረት ኳስ ነው።

ፔንዱለሙ ያለችግር አለፈ። ኳሷን በአንድ ሜትር ክር አንጠልጥለን 20 ሳንቲሜትር ከፍ አደረግንና ለቀቅናት። ምንም ካልባከነ ታች ስትደርስ በሰከንድ 1.98 ሜትር መፍጠን አለባት። ያገኘነው 1.97 ነው። ከእምቁ ጉልበት 99 በመቶው ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ተለውጧል። የቀረው በአየሩና በክሩ መስቀያ ሙቀት ሆኗል ብለን ጻፍን።

በሳምንቱ ያችኑ ኳስ በሐዲዱ ላይ ከ70 ሳንቲሜትር ከፍታ ለቀቅናት። እምቅ ጉልበቷ፣ mgh፣ 0.343 ጁል ነው። ታች ያለው ፎቶጌት፣ ኳሷ ጨረሩን በሸፈነችበት ጊዜ ፍጥነቷን የሚለካው መሣሪያ፣ በሰከንድ 3.03 ሜትር አነበበ። የእንቅስቃሴ ጉልበቷ በ½mv² ሲሰላ 0.23 ጁል ይመጣል። 0.113 ጁል የት ገባ? ከመነሻው 33 በመቶ ነው። ተማሪዎቹ «ሙቀት» የሚለው ዓምድ ውስጥ አስገቡት፤ እኔም ራይት አደረግሁላቸው።

አንዲት ተማሪ ግን ዓምዱን ባዶ ትታ ጠርዙ ላይ እንዲህ ጽፋለች፦ «ቲቸር፣ 0.23 ጁል ኳሷን ከ47 ሳንቲሜትር በላይ አያወጣትም። እኛ ግን በማዶው በኩል 61 ሳንቲሜትር ስትወጣ ለክተናል።» ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ «ሰበቃ ነው» ብዬ ነጥብ ቀነስኩባት።

ቢሆንም 33 በመቶው ከነከነኝ። አንድ ኳስ ከፔንዱለሙ ይህን ያህል ለምን ይለያል? ሁለት ቀን ሐዲዱን በአልኮል ጠረግሁ። ፎቶጌቱንም ፈተሽኩ። ጨረሩ የኳሷን መሃል ካልቆረጠ ከ23 ሚሊሜትር ዲያሜትሯ ያጠረ መስመር ነው የሚያልፍበት፤ የሚሸፈንበት ጊዜም ስለሚያጥር ፍጥነቷ ከእውነተኛው በልጦ ይነበባል። ጨረሩ ልክ መሃሏ ላይ ነበር። ሽፋኑ የቆየው 7.6 ሚሊሰከንድ፣ ፍጥነቱም ያው 3.03። ሐዲዱ ጸድቶ ቁጥሩ ፍንክች አላለም።

ያኔ ነው የልጅቷን ወረቀት እንደገና ያነበብኩት። ሙቀት የሆነ ጉልበት ተመልሶ ኳስ ሽቅብ አያወጣም። ይሄኛው ግን አውጥቷል። ስለዚህ ታች ላይም ኳሷ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ፎቶጌቱ የማያየው እንቅስቃሴ ሆኖ። ኳሷ ትጓዛለች፣ ደግሞም ትሽከረከራለች። ፎቶጌቱ የሚለካው ጉዞዋን ብቻ ነው።

ድፍን ኳስ ሳትንሸራተት ስትንከባለል የመሽከርከር ጉልበቷ ከመጓዝ ጉልበቷ 2/5 ነው። መጠኗም ክብደቷም ይህን አይለውጠውም። የ0.23 ጁል 2/5 ደግሞ 0.092 ጁል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 0.322 ይሆናሉ። ለሙቀት የሚቀረው 0.021 ጁል ነው፤ 6 በመቶ ገደማ። ከማዶው ጋርም ይገጥማል። ከ70 ወደ 61 ሳንቲሜትር ስትወርድ በጠቅላላ ያጣችው 13 በመቶ ነው፤ ግማሹ በቁልቁለቱ፣ ግማሹ በዳገቱ።

ያሳሳተኝ ሰበቃ የሚለው ቃል ነበር። ኳሷን የሚያሽከረክራት እርግጥ ሰበቃ ነው። ነገር ግን ሐዲዱን የምትነካበት ነጥብ በዚያች ቅጽበት አይንሸራተትም። ካልተንሸራተተ ደግሞ ሙቀት አይወጣውም። እዚህ ሰበቃ የሠራው የመጓዝን ጉልበት ወደ መሽከርከር ማዞር ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጽዳቴ ምንም ያልቀየረው። ጭራሽ ሐዲዱን ዘይት ብቀባው ኖሮ ኳሷ እየተንሸራተተች የባሰ ግራ ታጋባኝ ነበር።

ፔንዱለሙ ላይ ይህ ያልታየው ኳሷ በአንድ ውዝዋዜ ውስጥ በጣም በዝግታ ስለምትዞር ነው። በአንድ ሜትር ክር ላይ የመሽከርከሩ ድርሻ ከ0.01 በመቶ ያንሳል። ትልቁ ሮለር ኮስተር ላይም የሚሽከረከሩት መንኮራኩሮቹ ብቻ ናቸው፤ ከጠቅላላው ባቡር ክብደት አንጻር ትንሽ ናቸውና ድርሻቸውም ትንሽ ነው። እዚያ የሚጎድለው በአብዛኛው በእርግጥም በአየርና በኩሽኔታ ሙቀት የሚሆን ነው። በሌላ በኩል ኳሷ በሁለት ዘንጎች መሃል ገብታ የምትሄድበት ሐዲድ ላይ ድርሻው ከ2/5 ይበልጣል፤ ያንኑ መንገድ ለመሄድ የበለጠ መዞር አለባትና። የእኛው ሐዲድ ወለሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ 2/5 ይሠራል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ነጥቧን መመለስና ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ከዚያ ኳሷ ላይ በማርከር አንድ መስመር አሰመርንና በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጽ ስልክ ቀረጽናት። በስሌቱ ኳሷ ታች ላይ በሰከንድ 42 ጊዜ ያህል መዞር አለባት፤ መስመሩም በየ5.7 ፍሬሙ ተመልሶ ይመጣል። ልጅቷ ስልኩን ይዛ አንድ በአንድ ቆጠረች። ሦስት ሙሉ ዙር፣ 17 ፍሬም።