«በመጀመሪያ» የሚለው ቃል የሸወደን ቀን

የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ንባብ አስጠናለሁ። ስጀምር የጽሑፍ አወቃቀርን ለማስተማር የመረጥኩት መንገድ ቀላል ነበር። አያያዥ ቃላትን በወረቀት ዘርዝሬ አደልኳቸው። «በመጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያ፣ በመጨረሻ» ካያችሁ ቅደም ተከተል ነው። «ግን፣ በአንጻሩ፣ በሌላ በኩል፣ ይልቅ» ካያችሁ ማነጻጸር ነው። «ችግር፣ እንቅፋት፣ ለመፍታት፣ መፍትሔ» ካያችሁ ደግሞ ችግርና መፍትሔ ነው። ልጆቹ ቃላቱን በቃላቸው ያዙ። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ከዚያ ይህን አንቀጽ ሰጠኋቸው፦

«ብዙ ሰዎች ብስክሌት ይመርጣሉ። በመጀመሪያ፣ ነዳጅ አይፈልግም። ቀጥሎም፣ ጠባብ ቦታ ላይ ይቆማል። በመጨረሻም፣ ለጤና ይጠቅማል።»

ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቅደም ተከተል!» አሉ። ሦስቱንም ቃላት አስምረውባቸዋል። እኔ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት፤ ስለዚህ ልቆጣም አልቻልኩም። እዚህ ግን ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ብስክሌቱ መጀመሪያ ነዳጅ እምቢ ብሎ፣ ቀጥሎ ጠባብ ቦታ አይቆምም። የተደረደሩት ምክንያቶች ናቸው። «በመጀመሪያ» የሚለው ቃል የሚቆጥረው የጸሐፊውን ነጥቦች ነው እንጂ የድርጊቱን ሰዓት አይደለም።

ያን ቀን ማታ ሌላ አንቀጽ ጻፍኩ። ስለ ጎማ መቀየር ነው። «በመጀመሪያ ብሎኖቹን ትንሽ ማላላት፤ ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ ማንሳት፤ ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቶ ጎማውን ማውጣት፤ በመጨረሻ ስኮርታውን መግጠም።» በማግስቱ ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፦ በየአንቀጹ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ቦታ ብናለዋውጣቸው ምን ይበላሻል?

የብስክሌቱን አለዋወጡት። ጤናው ቀድሞ ነዳጁ ቢከተል ምንም አልሆነም። የጎማውን ሲያለዋውጡት አንዱ ልጅ ሳቀ። መኪናው መጀመሪያ ከተነሳ ጎማው አየር ላይ ስለሚንጠለጠል ብሎኑን ልፍታ ሲሉት አብሮ ይሽከረከራል። ቅደም ተከተሉ እውነተኛ የሚሆነው እዚህ ነው፤ አንዱ እርምጃ ለቀጣዩ መንገድ ስለሚከፍት። ከዚያ ወዲህ ይህን «የመለዋወጥ ፈተና» እንለዋለን። እስካሁን ያገኘሁት ጠቃሚ መሣሪያ እሱ ነው።

ጎማው ሌላም ነገር አስተማረኝ። ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ቀየርኩት፦ «መኪናውን በክሪክ ከማንሳት በፊት ብሎኖቹን ማላላት ያስፈልጋል።» የቱ ይቀድማል ስላቸው ግማሾቹ «ማንሳት» አሉ። ለምን? ቀድሞ የተጻፈው እሱ ነዋ። «ከ… በፊት» ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የቀደመው በሥራው ላይ ይከተላል። አሁን እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማቸው ከእያንዳንዱ ድርጊት በላይ 1 እና 2 ብለው ቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ስሕተቱ ቀንሷል።

ዝርዝሬ ጭራሽ ያልነካው ነገርም ነበር። «ብሎኖቹን አላልቶ፣ መኪናውን አንስቶ፣ ጎማውን አውጥቶ፣ ስኮርታውን ገጠመ።» እዚህ ውስጥ «ቀጥሎ» የለም፣ «ከዚያ» የለም። ግን ከዚህ በላይ ቅደም ተከተል ከየት ይመጣል? በአማርኛ ቅደም ተከተሉን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው የግሱ መጨረሻ ነው፤ አላልቶ፣ አንስቶ፣ አውጥቶ። የቃላት ዝርዝር ይዞ የሚያድን ልጅ ይህን በፍጹም አያየውም። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። «ተቀምጦ አነበበ» ስንል መቀመጡ ካለቀ በኋላ ማንበብ ጀመረ ማለታችን አይደለም። እንዴት እንዳነበበ ነው የምንናገረው።

ማነጻጸር ላይ ስንደርስ ራስ ምታት የሆነብኝ «ሲሆን» ነው። ዝርዝሬ ውስጥ በልበ ሙሉነት አስገብቼው ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን እዩ፦

«የእንቁራሪት ቆዳ እርጥብ ሲሆን የእንሽላሊት ቆዳ ደረቅና ቅርፊታም ነው።»
«የእንቁራሪት ቆዳ እርጥብ ሲሆን ለመተንፈስም ይረዳታል።»
«የውሃው ሙቀት 100 ዲግሪ ሲሆን መፍላት ይጀምራል።»

ያው ቃል ነው። የመጀመሪያው ያነጻጽራል። ሁለተኛው ስለዚያው ነገር ተጨማሪ መረጃ ይሰጣል። ሦስተኛው ጊዜ ይናገራል። ልጆቹ «ታዲያ በምን እንለያቸው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር፤ እኔም ወዲያው መልስ አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን የመጣልኝ ይህ ነው፦ ማነጻጸር እንዲኖር ሁለት ባለቤቶች ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም የሚመልሱት አንድ ጥያቄም ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤቶቹ የእንቁራሪትና የእንሽላሊት ቆዳ ናቸው፤ ጥያቄው «ቆዳው ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። በሁለተኛው ባለቤቱ አንድ ብቻ ነው። በሦስተኛው ውሃ እንጂ ከእሱ ጋር የሚወዳደር ነገር የለም።

ስለዚህ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ እንሠራለን። ከላይ ሁለቱ ባለቤቶች፣ በግራ በኩል ጥያቄዎቹ። ሰንጠረዡ ከሞላ ማነጻጸር ነው። አንዱ ዓምድ ባዶ ከቀረ ግን፣ አንቀጹ ውስጥ አሥር «ሲሆን» ቢኖርም አይደለም።

«ግን» ላይ ደግሞ ጥሩ ነገር አገኘን። አማርኛ «ግን»ን ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ባለቤት ኋላ ያስቀምጠዋል። «እንቁራሪት እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ትጥላለች፤ እንሽላሊት ግን የብስ ላይ።» ከ«ግን» በፊት ያለውን ቃል ብቻ ብታከብቡ፣ የሚነጻጸረው ማን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ዓረፍተ ነገሩን የሚጀምረው «ነገር ግን» ሌላ ጠባይ አለው። እሱ ባለቤትን ሳይሆን ያለፈውን ሐሳብ በሙሉ ነው የሚገፋው። ብዙ ጊዜም ችግር እየመጣ መሆኑን ይጠቁማል።

አሁን ወደ ከባዱ። ችግርና መፍትሔ ቀላል ይመስል ነበር፤ «ችግር» የሚል ቃል ፈልጎ ማስመር ነው ብዬ። ጸሐፊዎች ግን ችግሩን በስሙ አይጠሩትም። እንዲያውም «ያለ ችግር ተጠናቀቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር አስምሮ የመጣልኝ ልጅ አለ። ይህን አንቀጽ ጽፌ ሰጠኋቸው፦

«የወንዝ ውሃ ጠርቶ ቢታይም በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ። የጠጣው ሰው ሊታመም ይችላል። አንዱ ዘዴ ማፍላት ነው። ውሃው ከደፈረሰ በመጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጣራል። ከዚያ እስኪንተከተክ ይፈላል። ከተንተከተከ በኋላ ለ1 ደቂቃ ይቆያል፤ ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ለ3 ደቂቃ። ክሎሪን ማገዶ አይፈጅም፤ ማፍላት ግን ክሎሪንን የሚቋቋሙ አንዳንድ ተሕዋስያንን ጭምር ይገድላል።»

አብዛኞቹ «ቅደም ተከተል» አሉ። «በመጀመሪያ»፣ «ከዚያ»፣ «በኋላ» አሉበት፤ ሦስት ጠቋሚ ቃል። ሁለት ልጆች «ግን»ን ይዘው «ማነጻጸር» አሉ። ችግርና መፍትሔ ያለ ማንም የለም። ለእሱ ድምፅ የሚሰጥ አንድም ቃል የለማ። ልጆቹ ቃላቱን እንደ ምርጫ ካርድ ቆጥረው አብላጫውን አወጁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉም በከፊል ልክ ናቸው። አንቀጹ ውስጥ ሦስቱም አወቃቀሮች አሉ። ጥያቄው የቱ ሌሎቹን ይይዛል የሚለው ነው። የተጠቀምንበት ዘዴ መቁረጥ ነው። መጀመሪያ እርምጃዎቹን በእጃችን ሸፈንናቸው። የቀረው «ውሃው ሊያሳምም ይችላል፤ ማፍላት አንዱ ዘዴ ነው» ይላል፤ አጠር አለ እንጂ ቆሞ ይሄዳል። የክሎሪኑን ሸፈንን፤ አሁንም ደህና ነው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሸፈንን። ቀሪው አየር ላይ ተንሳፈፈ። ውሃውን ለምን እናፈላለን? ለምንስ ከክሎሪን ጋር እናወዳድረዋለን? አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ የሻይ ነው የሚመስለው» አለች። በሌላ አነጋገር ሁሉም የቆመው በእነዚያ ምንም ጠቋሚ ቃል በሌላቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። እርምጃዎቹ የመፍትሔው ሆድ ውስጥ ያሉ ናቸው። ማነጻጸሩ ደግሞ መፍትሔውን ከሌላ መፍትሔ ጋር ይመዝናል።

ለዚህ ዓይነት አንቀጽ ቃል መፈለግ ትተን ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። ማን ላይ ምን ክፉ ነገር ይደርሳል? እሱን ለማስቀረት ምን ይደረጋል? ሁለተኛው መልስ ከሌለው ምክንያትና ውጤት እንጂ ችግርና መፍትሔ አይደለም። አንቀጹ «ተሕዋስያኑ ያሳምማሉ» ብሎ ቢያቆም ኖሮ እዚያው ላይ ነበርን።

በነገራችን ላይ፣ ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። ቦኒ ሜየር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ጉዳይ ሲያጠኑ ኖረዋል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት፣ ያነበቡትን ሲጽፉ የጸሐፊውን አወቃቀር የተከተሉ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከሌሎቹ የበለጠ አስታውሰዋል። እኔም ማጠቃለያ ማስጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። የውሃውን አንቀጽ አንድ ልጅ «የወንዝ ውሃ ሊያሳምም ስለሚችል ከመጠጣቱ በፊት ይፈላል» ብሎ ጻፈ። «ስለ»ን ራሱ ነው ያመጣው። አንቀጹ ውስጥ አልነበረም።

ዝርዝሩን አልጣልኩትም። አሁን የምጠቀምበት ግን ገልብጬ ነው። ከአንቀጹ ጠቋሚ ቃላቱን አውጥቼ ባዶ ቦታ እተዋለሁ፤ እነሱ ይሞሉታል። አንድ ቦታ ላይ «ግን» ወይስ «ስለዚህ» ብለው ሲከራከሩ፣ ክርክሩ ስለ ሐሳቡ ይሆናል። ይህ ልምምድ ጊዜ ይበላል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሁለት አንቀጽ በላይ ሄጄበት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ አንቀጽ አርሜ እየመለስኩ ነበር። «በአንድ በኩል ማብሪያው አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ» ይላል። አንድ ልጅ «ገለጻ» ብሎ ጽፏል። እኔ በቀይ ሰርዤ «ማነጻጸር» አልኩት። ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ቲቸር፣ ሌላው በኩል እኮ ጀርባው ነው» አለኝ።

ሁለት ባለቤት ነበር፤ ማብሪያና ቀዳዳ። ሁለቱም የሚመልሱት ጥያቄም አለ፤ የት ነው ያለው። ሰንጠረዡ ሞልቶ ነበር ማለት ነው፤ ጸሐፊው ግን ልዩነታቸውን ሊያሳይ አልፈለገም፤ ዕቃውን እያዞረ ነበር የሚያሳየን። ቀዩን ሰርዤ ነጥቡን መለስኩለት። ሰንጠረዡ ላይ ምን ሦስተኛ ጥያቄ ልጨምር እንደሚገባኝ አሁንም እያሰብኩበት ነው።