ታዕካ ማርያምን ፍለጋ፦ ከ1906ቱ ካርታ እስከ መንገዱ ዳር

አክሱም የሄደ ሰው ሐውልቶቹን ያያል፣ ጽዮንን ይሳለማል፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ወርዶ «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» የሚባለውን ዱንጉርን ጎብኝቶ ይመለሳል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ እንደዚሁ አድርጌ ነው የተመለስኩት። ከዱንጉር በብዙ የሚሰፋ ሌላ ቤተ መንግሥት በዚያው ከተማ ምዕራባዊ ክፍል እንደነበረ ያወቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ፣ የጀርመኖቹን የአክሱም ጥናት ስዕሎች ስመለከት ነው። ስሙ ታዕካ ማርያም ይባላል። ሙያዬ ቅየሳ ስለሆነ ስዕሉን ካየሁ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፤ ይህ ሁሉ ግድግዳ ዛሬ በየትኛው መሬት ላይ ነው ያለው?

በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን አክሱም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ውጤቱ በ1913 በአራት ጥራዝ በርሊን ታተመ። የሕንፃዎቹን ነገር የያዘው የዳንኤል ክሬንከር ሥራ ነው። ክሬንከር አርክቴክት ስለነበር አለካኩ የዋዛ አይደለም። ቡድኑ እንዳ ሚካኤል፣ እንዳ ስምዖን እና ታዕካ ማርያም የሚባሉትን ሦስት የቤተ መንግሥት ፍርስራሾች ቆፍሮ መሠረታቸውን በስዕል አስቀመጠ። ከሦስቱ ትልቁ ታዕካ ማርያም ነው፤ አጥሩ በግምት 120 በ80 ሜትር ይሆናል። በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራ መሐሉ ተቆርሶ አለፈ። ስለዚህ የ1906ቱ ስዕል የአንድ ትልቅ ሕንፃ ዋና ምስክር ሆኖ ቀረ።

ስሙ ራሱ ፍንጭ አለው። እኔ «ማርያም» የሚለውን ሰምቼ ቤተ ክርስቲያን ነበር የምፈልገው። አንድ መሪጌታ ናቸው ያረሙኝ። «ታዕካ በግእዝ አዳራሽ፣ ቤተ መንግሥት ማለት ነው። አንተ ታቦት ፍለጋ ከሆነ የመጣኸው ተሳስተሃል፤ የንጉሥ ቤት ብለህ ጠይቅ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ቀየርኩ።

ሥራውን የጀመርኩት ግን ከሰው ሳይሆን ከካርታው ነው። ጀርመኖቹ የሠሩትን የከተማውን ፕላን ስካን ኪውጂአይኤስ የሚባል የካርታ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቼ፣ በ1906 የነበሩና ዛሬም ቦታቸውን ያልለቀቁ ነገሮችን እየመረጥኩ ካርታውን ከዛሬው መሬት ጋር ማያያዝ ነበረብኝ። አክሱም ዩቲኤም በሚባለው የካርታ አከፋፈል በ37ኛው ዞን ስለሚወድቅ ለፕሮግራሙ የሰጠሁት ኮድ `EPSG:32637` ነው። ነጥብ መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ የተሳሳትኩት ግን እዚያው ላይ ነው።

የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያንን እንደ አንድ ነጥብ ወሰድኩ። ፕላኑ ላይ በግልጽ ተሥላለች፣ በሳተላይት ምስሉም ላይ ትልቁ ጉልላት ከሩቅ ይታያል። ሁለቱን አገናኘሁና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ባለ ጉልላቱ ቤተ ክርስቲያን ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው አዲሱ ነው፤ በ1906 አልነበረም። ጀርመኖቹ የሣሉት ከእሱ አጠገብ ያለውን፣ የጎንደር ዘመን አሻራ ያለበትን አሮጌውን ነው። ሌላም ነገር አለ። ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው ሐውልት ዛሬ ቆሞ ስናየው ነጥብ የሚሆን ይመስላል፤ በ1906 ግን ተሰባብሮ መሬት ላይ የተጋደመ ነበር፤ መልሶ የተተከለው በ2000 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እሱን ትቼ፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሳይወድቅ የቆመውን ሐውልት ያዝኩ።

የጽዮንን ስህተት ወዲያው አላየሁትም፤ ያላየሁበት ምክንያት ደግሞ ለሌላው ሰው ይጠቅማል። ፕሮግራሙ ካርታውን ከመሬቱ ጋር የሚያገጣጥምበት ስልት በርካታ ነው። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት `Thin Plate Spline` የሚባለውን ነበር። ይህ ስልት ካርታውን እንደ ላስቲክ እየሳበ እያንዳንዱን ነጥብ በትክክል ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። የስህተት ሠንጠረዡን ሳየው ሁሉም ዜሮ ሆነና ደስ አለኝ። ዜሮው ግን ስሌቱ ስህተቱን ወደ ካርታው ስላሰራጨው የመጣ እንጂ ሥራው ትክክል ስለሆነ አልነበረም። የታዕካ ማርያምን ፕላን አጉልቼ ስመለከት ማዕዘኖቹ ቀጥ ማለታቸው ቀርቶ ተጣመዋል። ክሬንከር ቀጥ አድርጎ የሣለውን ማዕዘን እኔ አጣምሜዋለሁ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ `Helmert` ወደሚባለው ዞርኩ። ይህ ካርታውን ያሳድጋል ወይም ያሳንሳል፣ ያዞራል፣ ይገፋል፤ ከዚያ ያለፈ አይነካውም። በደንብ ለተለካ ፕላን የሚስማማው ይሄ ነው፤ ስህተቱንም አይደብቅም። ሠንጠረዡ ላይ ወዲያው ነጥቦቹ ሁሉ በሃያና በሠላሳ ሜትር የተዛቡ ሆነው ታዩ። የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ነጥብ እያወጣሁ፣ ስሌቱን እየደገምኩ፣ መልሼ እያስገባሁ ሄድኩ። ጽዮንን ሳወጣ የቀሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከዘጠኝ ሜትር በታች ወረዱ። የአሮጌውን ቤተ ክርስቲያን ማዕዘን በምትኩ ባስገባ ደግሞ ሳይበላሽ ቆመ። ያኔ ነው በካርታው ማመን የጀመርኩት።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ጥሩ ነጥቦቼ ሁሉ በሐውልቶቹ ዙሪያ፣ በምሥራቅ በኩል የተሰበሰቡ ነበሩ፤ የምፈልገው ሕንፃ ያለው ደግሞ በምዕራብ ነው። ነጥብ በሌለበት አቅጣጫ ትንሽ የመዞር ስህተት ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይሰፋል። ለዚህ በምዕራብ በኩል የእንዳ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ጨመርኩ። ከመጨመሬ በፊት ግን ቤተ ክርስቲያኑ ቦታውን ቀይሮ እንደሆነ እዚያው ካሉ አንድ አባት ጠየቅሁ። «ሕንፃው ይታደሳል እንጂ መንበሩ አይነሣም» አሉኝ። የጽዮን ነገር ከደረሰብኝ በኋላ ይህን ሳልጠይቅ ነጥብ አላስገባም።

ሌላው ብዙዎችን የሚያጠፋ ነገር የድሮው የአገራችን 1፡50,000 ካርታ ነው። እሱ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ላይ ነው፤ የስልካችን ጂፒኤስ ቁጥር የሚሰጠው ግን ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ ከካርታው ላይ ያነበቡትን ቁጥር በስልክ ይዞ መሄድ ወደ 200 ሜትር ያህል ያስታል። የኛ ሕንፃ ርዝመቱ 120 ሜትር ነው፤ በዚህ ስህተት ሙሉ ቤተ መንግሥቱን አልፎ ጎረቤት መንደር ውስጥ መቆም ይመጣል። ካርታውን በአዲንዳን ኮድ `EPSG:20137` ብሎ አስገብቶ ለፕሮግራሙ እንዲያስተካክል መተው ይበቃል።

አክሱም የተመለስኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። በስልኬ ላይ የሕንፃው ዙሪያ በቀይ መስመር ተሥሏል፤ መንገዱ በመሐሉ ያልፋል። ይህ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል፣ ግን እኔ ራሴ የሣልኩት መስመር ስለሆነ ማስረጃ አይሆነኝም። ስለዚህ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ከንቱ ነበር። «ታዕካ ማርያም እዚህ ነው?» ብዬ የጠየቅሁት ሁሉ «አዎ» አለኝ። እንግዳን ማሳፈር በአገራችን ነውር ነው፤ አቅጣጫውን እኔው ከጠቆምኩ የሚያገኘኝ መልስ የራሴው ነው። በሁለተኛው ቀን ስም መጥራቱን ትቼ ስለ ሰዎቹ ኑሮ ጠየቅሁ፤ መንገዱ ሳይሠራ በፊት በየት በኩል ነበር የሚታለፈው? ጉድጓድ ሲቆፈር ድንጋይ የሚያስቸግረው የማን ግቢ ነው? የተጠረበ ድንጋይ ከየት ነበር የሚመጣው?

አንድ ሽማግሌ ቤተ መንግሥቱን አውቃለሁ ብለው በምዕራብ በኩል ራቅ አድርገው አሳዩኝ። ግራ ገባኝ። «አባቴ፣ ማን ሲቆፍረው አዩ?» አልኳቸው። «ፈረንሳዮቹ ናቸው፤ እኔም ጎልማሳ ሆኜ በቀን ሥራ ገብቼበታለሁ» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ ዱንጉርን መቆፈር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ሽማግሌው የሚያወሩት እውነት ነው፣ የሚያወሩት ግን ስለ ዱንጉር ነው። ስለ አንድ ፍርስራሽ ሲነገረኝ ማን እንደቆፈረውና የተናጋሪው ዕድሜ ያኔ ስንት እንደነበር መጠየቅ ሁለት ቦታዎችን ለመለየት ከሁሉ የሚሻል ሆኖ አገኘሁት።

ቁልፉን የሰጡኝ ዘጠና ገደማ የሆናቸው አንድ አባት ናቸው። ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ ልጅ ነበሩ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ስለነበር የልጅ ልጃቸው እየተረጎመችልን፣ እናታቸው ገብስ የሚያሰጡበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ አወሱ። «መንገዱ ሲመጣ ያ ማስጫ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ታች» አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡና አብረን ሄድን። መንገዱን ስንሻገር ቆም ብለው በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። ስልኬን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከቀዩ መስመር ውስጥ ነበርን፣ ከዳሩ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ገባ ብለን።

በአንድ ግቢ የድንጋይ አጥር ውስጥ ደግሞ ከሌሎቹ የማይመስል ድንጋይ አየሁ። አጥሩ በሙሉ ከሜዳ የተለቀመ ድንጋይ ነው፤ ይህ ግን ግራጫ፣ ጠጣር፣ ሁለት ፊቱ በቀኝ ማዕዘን የተጠረበ፣ ጠርዙ ላይ እጅ ሲያሳርፉበት ቀጥ ብሎ የሚሰማ ነው። የአክሱም ግንበኞች ግድግዳውን በጭቃና በተራ ድንጋይ ሠርተው ማዕዘኑን በእንዲህ ያለ ጥርብ ነበር የሚያስሩት። ለካሁት፣ ፎቶ አነሣሁት፣ ሳልነካው ተውኩት። አንድ ድንጋይ ከቦታው ሊነሣ ስለሚችል ለብቻው አያስረዳም፤ በዚያው ዙሪያ የሠፈሩ ሰዎች መጸዳጃ ሲቆፍሩ ድንጋይ ያጋጠማቸውን ቦታዎች ስመዘግብ ግን ከሰባቱ አምስቱ በመስመሩ ውስጥ ወደቁ።

አሁን በእጄ ያለው ውጤት እንደዚህ ነው፦ በመንገዱ በሁለቱም ወገን ያለውን የሕንፃውን ዙሪያ በአሥር ሜትር ልዩነት አውቀዋለሁ። ምሥራቃዊውን ጠርዝ ግን ከካርታው በቀር የሚያረጋግጥልኝ አላገኘሁም፤ እዚያ ቤቶቹ ተጠጋግተዋል፣ የሚያስታውስም ሰው አላገኘሁም። ሳይቆፈር ከዚህ ማለፍ አይቻልም፤ ያለ ፈቃድ መቆፈር ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ስዕሉን በትልቅ ወረቀት አትሜ፣ የገብስ ማስጫውን በእርሳስ ምልክት አድርጌበት ማስጫውን ላሳዩኝ አባት ሰጠኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ምልክቱን አዩና በጣታቸው ወደ ታች ትንሽ ገፉት። «ከዚህ ዝቅ ይላል» አሉ። እርሳሴን አውጥቼ እሳቸው ባሉት ቦታ ላይ ሁለተኛ ምልክት አደረግሁበት።