ድምሩ የሞላ፣ ሰያፉ የጎደለ ትረስ

በአንድ የመዋቅር ንድፍ ቢሮ ውስጥ የሌሎችን ስሌት የመመርመር ኃላፊነት በነበረኝ ጊዜ ለአንድ መጋዘን ጣሪያ የተዘጋጀ የብረት ትረስ፣ ማለትም ከተገጣጠሙ ብረቶች የተሠራ ተሸካሚ መዋቅር፣ ለፊርማ ቀረበልኝ። ትረሱ 12 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ቁመት ነበረው። የላይኛውና የታችኛው አግዳሚው ትይዩ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ርዝመት እያንዳንዳቸው 2.4 ሜትር በሆኑ አምስት ፓነሎች ተከፍሏል። በመጀመሪያው ንድፍ በታች 5፣ በላይ 5 አግዳሚ ብረቶች፣ 6 ቋሚዎችና በየፓነሉ አንዳንድ ሰያፍ፣ በድምሩ 21 ብረቶች ነበሩ። መጋጠሚያዎቹ 12 ናቸው። በግራ በኩል ያለው ፒን ድጋፍ ሁለት፣ በቀኝ ያለው ሮለር አንድ፣ በአጠቃላይ ሦስት የምላሽ ኃይሎች ይሰጣሉ።

በፒን፣ ማለትም መሽከርከርን በማይከለክል ማያያዣ፣ በተያያዘ ትረስ ውስጥ እያንዳንዱ ብረት የሚሸከመው የመሳብ ወይም የመጨመቅ ኃይል ብቻ ስለሆነ ከእያንዳንዱ አንድ ያልታወቀ መጠን ይገኛል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ አንዱ በአግድም ሌላው በቁም ሁለት የሚዛን እኩልታዎች ይጻፋሉ። ስለዚህ የኢንዲተርሚኔንሲው ዲግሪ፣ ማለትም ያልታወቁት መጠኖች ከእኩልታዎቹ የሚበልጡበት ቁጥር፣ m + r − 2j ነው፤ እዚህ ላይ m የብረቶቹ፣ r የምላሾቹ፣ j የመጋጠሚያዎቹ ብዛት ነው። የመጀመሪያው ንድፍ 21 + 3 − 24 = 0 ይሰጣል፤ ይህም ያለ ምንም ተጨማሪ ግምት በሚዛን እኩልታዎች ብቻ ሊፈታ የሚችል፣ ዲተርሚኔት የሚባል ትረስ መሆኑን ያመለክታል።

ችግሩ የመጣው ከአየር ማስገቢያ ቱቦው ነው። የሜካኒካል መሐንዲሶቹ ስፋቱም ቁመቱም 1.1 ሜትር የሆነ ቱቦ በመካከለኛው ፓነል ውስጥ እንዲያልፍ ጠየቁ። ሰያፉ ፓነሉን ለሁለት ሦስት ማዕዘን ስለሚከፍለው ይህን የሚያህል ቱቦ በአንዱ ውስጥ አይገባም። ንድፉን የያዘው ወጣት መሐንዲስ ሰያፉን ከሦስተኛው ፓነል አንሥቶ አራተኛው ላይ ሁለተኛ ሰያፍ አድርጎ አስቀመጠው፤ አራተኛው ፓነልም የኤክስ ቅርጽ ያዘ። በስሌቱ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «የብረቱ ብዛት አልተለወጠም፤ 21 + 3 = 24፣ 2 × 12 = 24፤ ስለዚህ ትረሱ ዲተርሚኔት ነው፣ ይጸናልም።»

ወረቀቱን ሳየው አልፈረምኩም፤ ግን ወዲያው ስሕተት ነው ብዬም አልመለስኩለትም፤ ምክንያቱም ከቆጠራው ቀጥሎ ያለው የእጅ ስሌት ንጹሕ መልስ የሚሰጥ ይመስል ነበር። በላይኛው አግዳሚ መካከለኛ መጋጠሚያዎች ላይ 10፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ 5 ኪሎኒውተን ሲጫን አጠቃላይ ጭነቱ 50፣ የእያንዳንዱ ድጋፍ ምላሽ 25 ኪሎኒውተን ይሆናል። ከግራ ሲሄዱ በመጀመሪያው ፓነል ያለው ሺር፣ ማለትም ፓነሉ የሚያስተላልፈው የቁም ኃይል፣ 20፣ በሁለተኛው 10፣ በሦስተኛው ዜሮ ነው። የመካከለኛው ፓነል ሺር ዜሮ ከሆነ ሰያፉ ቢኖርም ኃይል አይሸከምም፤ ስለዚህ መነሣቱ በስሌቱ ላይ ምንም አላጎደለም። ፓነሎቹ አምስት፣ ማለትም ጎደሎ ቁጥር፣ ጭነቱም ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ጉድለቱን ሸፍኖታል። የፓነሎቹ ቁጥር ስድስት ቢሆን ኖሮ የተነሣው ሰያፍ ያለበት ፓነል በዚያው ጭነት ሺር ስለሚኖረው ስሌቱ ገና ከመነሻው እምቢ ይል ነበር።

ወጣቱን ጠርቼ በመጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ አራተኛው ፓነል ነው። «በሁለቱ ሰያፎች ላይ ያለውን ኃይል እንዴት አገኘኸው?» አልኩት። «ኢንጂነር፣ በእኩልታ አልወጣልኝም፤ አንዱ ሲሳብ ሌላው ይጨመቃል ብዬ ሺሩን ለሁለቱ እኩል አካፈልኩት» አለኝ። እውነቱን ነው የተናገረው፤ የማካፈሉ ልማድም በኤክስ ፓነል ላይ እንደ ቅድመ ግምት የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህ መልስ ራሱ ምስክር ነበር። የኢንዲተርሚኔንሲው ዲግሪ ዜሮ ነው የተባለ ትረስ በሚዛን እኩልታ ብቻ እስከ መጨረሻው መፈታት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ግምት የሚጠይቅ ከሆነ እዚያ አንድ ትርፍ ብረት አለ ማለት ነው፤ ድምሩ ግን ዜሮ ከሆነ ሌላ ቦታ ላይ አንድ ብረት ጎድሏል። የተደመረው ትርፍና ጉድለት ተጣፍቶ ነው ዜሮ የመጣው።

ጉድለቱን ለማሳየት ትረሱን በቡድን ለያይተን ቆጠርነው፤ ይህን አካሄድ ከሁሉ በላይ አምነዋለሁ። ራሱን ችሎ ቅርጹን የሚጠብቅ፣ ከድጋፎች ነጻ የሆነ የትረስ አካል 2j − 3 ብረቶች ያስፈልጉታል። የግራዎቹ ሁለት ፓነሎች 6 መጋጠሚያዎች ስላሏቸው የሚያስፈልጋቸው 9 ብረት ነው፤ ያላቸውም 4 አግዳሚ፣ 3 ቋሚና 2 ሰያፍ፣ ማለትም 9 ነው። የቀኞቹ ሁለት ፓነሎችም 6 መጋጠሚያዎች አሏቸው፤ የሚያስፈልጋቸው 9 ሲሆን ያላቸው ግን 10 ነው። ሁለቱን ግትር አካላት እርስ በርስ ለማሰር ቢያንስ ሦስት ብረት ያስፈልጋል፤ እነዚህም ሁሉም ትይዩ ወይም በአንድ ነጥብ የሚገናኙ መሆን የለባቸውም። በመካከለኛው ፓነል የቀሩት ግን ሁለቱ ትይዩ አግዳሚዎች ብቻ ናቸው። 9 እና 10 እና 2 ሲደመሩ 21 ይሆናሉ፤ 9 እና 9 እና 3 ሲደመሩም ያው 21 ነው። ቀመሩ ሁለቱን ለይቶ ማየት አይችልም።

ከዚያም ስሌቱን ሚዛኑ ባልተመጣጠነ ጭነት እንድናየው ጠየቅሁት። ከግራ ጫፍ 2.4 ሜትር ርቆ በታችኛው አግዳሚ መጋጠሚያ ላይ 5 ኪሎኒውተን የሚመዝን መሣሪያ ተንጠለጠለ እንበል። በግራው ድጋፍ ዙሪያ ሞመንት፣ ማለትም ኃይል በርቀት ተባዝቶ የሚሰጠው የማዞር አቅም፣ ሲወሰድ የቀኙ ምላሽ 5 × 2.4 ÷ 12፣ ማለትም 1 ኪሎኒውተን ይሆናል። መካከለኛውን ፓነል በአሳብ ቆርጠን የቀኙን ቁራጭ ብቻ ስናይ ወደ ላይ የሚገፋ 1 ኪሎኒውተን ምላሽ አለ፤ ወደ ታች የሚመልሰው ግን የለም፤ ምክንያቱም የተቆረጡት ሁለቱ ብረቶች አግዳሚ ስለሆኑ ምንም የቁም ኃይል አይሰጡም። 1 ኪሎኒውተን ለብረት ትረስ ከቁም ነገር የሚገባ ጭነት አይደለም፤ ይህ ትረስ ግን በፒን የተያያዘ ከሆነ እሱንም መሸከም አይችልም። በአራት ማዕዘኑ አንዳንድ ሚስማር ብቻ ተመትቶ ያለ ሰያፍ የተሠራ የሳንቃ በር ቀስ በቀስ እንደሚጋደል፣ መካከለኛው ፓነልም ከአራት ማዕዘንነት ወደ ጋደለ ቅርጽ ይሄዳል።

ወጣቱ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ አነሣ፦ «ታዲያ ኢንጂነር፣ ኮምፒውተሩ ለምን አላስጠነቀቀኝም? ሞዴሉ በሁሉም የጭነት ዓይነቶች ሠርቷል።» ሞዴሉን ከፍተን ስናየው ብረቶቹ በሙሉ እንደ ፍሬም አባላት ገብተዋል፤ ጫፎቻቸው ላይ የሞመንት መፍቻ፣ ማለትም ጫፉን እንደ ፒን እንዲሽከረከር የሚፈቅድ ቅንብር፣ አልተደረገም። ስለዚህ ፕሮግራሙ የፈታው የተሳለውን ትረስ ሳይሆን መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ግትር የሆኑ ፍሬም ነበር። በፍሬም ውስጥ እያንዳንዱ አባል ሦስት ያልታወቁ መጠኖች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያም ሞመንትን ጨምሮ ሦስት እኩልታዎች አሉት፤ ዲግሪው 3m + r − 3j ይሆናል። ይህም 63 + 3 − 36 = 30 ነው። ሠላሳ ትርፍ ያለው መዋቅር አንድ ሰያፍ ቢነሣበት አይናገርም፤ መካከለኛውን ፓነል አግዳሚዎቹ በመጉበጥ ይሸከሙታል። ምልክቱ በውጤቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ነበር፦ በሌሎቹ ፓነሎች ከቁጥር የማይገባው ሞመንት በመካከለኛው ፓነል አግዳሚዎች ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የብረቶቹ ምርመራ ግን የተደረገው ለመሳብና ለመጨመቅ ብቻ ስለነበር ያን ዓምድ ያነበበው አልነበረም።

ቱቦው ቦታውን የሚለቅ ስላልሆነ መፍትሔው መካከለኛውን ፓነል ሆን ብሎ ግትር ሣጥን ማድረግ ነበር። በአራተኛው ፓነል የነበረው ትርፍ ሰያፍ ተነሣ፤ የመካከለኛው ፓነል ሁለት አግዳሚዎችና ሁለት ቋሚዎች ሞመንት በሚያስተላልፍ ብየዳ እንዲያያዙ፣ መጠናቸውም ለመጉበጥ እንዲሰላ ተወሰነ። የተቀሩት 16 ብረቶች በፒን እንደተያያዙ ይታሰባሉ። የዚህ ድብልቅ መዋቅር ቆጠራ እንዲህ ነው፦ አራቱ የሣጥኑ አባላት ሦስት ሦስት፣ ማለትም 12፤ አሥራ ስድስቱ ብረቶች አንድ አንድ፣ ማለትም 16፤ ምላሾቹ 3፤ በድምሩ 31 ያልታወቁ መጠኖች አሉ። አራቱ የሣጥኑ ማዕዘኖች ሦስት ሦስት፣ ስምንቱ የፒን መጋጠሚያዎች ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 28 እኩልታዎች ይሰጣሉ። ልዩነቱ 3 ነው፤ አንድ የተዘጋ ግትር ቀለበት ሁልጊዜ ሦስት ትርፍ ስለሚይዝ ይህ የሚጠበቀው ቁጥር ነው። በዚህ ጊዜም በቡድን ስንቆጥር ሦስቱም ትርፎች በሣጥኑ ውስጥ ብቻ መሆናቸውን፣ ሌላ ቦታ ትርፍም ጉድለትም እንደሌለ አረጋገጥን።

ትርፉ ያለበትን ቦታ ማወቁ ለንድፉ ብዙ ነገር ይወስናል። ምላሾቹ ሦስት ብቻ ስለሆኑ አንዱ ድጋፍ ትንሽ ቢሰምጥ በትረሱ ውስጥ ኃይል አይፈጠርም። ነገር ግን የሣጥኑ አንዱ አባል በልክ ስሕተት አጥሮ በኃይል ተስቦ ቢበየድ ወይም አንዱ ወገን ብቻ ቢሞቅ ያለ ምንም ጭነት በሣጥኑ ውስጥ ሞመንት ይገኛል፤ ስለዚህ ሣጥኑ በፋብሪካ ውስጥ ተበይዶ እንዲመጣ በንድፉ ላይ ጻፍን። ለቅድመ ግምት የላይና የታች አግዳሚዎቹ እኩል ጥንካሬ ስላላቸው ሺሩ ለሁለቱ እኩል ይከፈላል፤ የሞመንቱ ዜሮ ነጥብም በርዝመታቸው መካከል ላይ ይወሰዳል። ቀደም ሲል ያየነው 1 ኪሎኒውተን በእያንዳንዱ ማዕዘን 0.5 × 1.2፣ ማለትም 0.6 ኪሎኒውተን ሜትር ሞመንት ያመጣል።

በመጨረሻ የቀረው ሞዴሉን ከቆጠራው ጋር ማስማማት ነበር። ወጣቱ በ16ቱ ብረቶች ሁለቱም ጫፎች ላይ መፍቻ ሲያደርግ 32 መፍቻዎች ሆኑ፤ ፕሮግራሙም በስምንቱ የፒን መጋጠሚያዎች ላይ መሽከርከርን የሚይዝ ነገር የለም ብሎ አስጠነቀቀ። አንድ መጋጠሚያ ላይ ከሚገናኙት ብረቶች አንዱ ሳይፈታ መቅረት አለበት፤ ምክንያቱም የመጋጠሚያው የሞመንት እኩልታ በ3j ውስጥ ቀድሞ ተቆጥሯል። በየመጋጠሚያው አንዳንድ ሲመለስ 32 ወደ 24 ወረደ። የፍሬሙ ቀመርም ከመፍቻዎቹ ጋር 60 + 3 − 36 − 24 = 3 ሆነ፤ በሌላ መንገድ ከቆጠርነው ጋር ገጠመ፣ ማስጠንቀቂያውም ጠፋ። ቀድሞ የነበረውን ባለ ኤክስ ትረስ በዚሁ ዓይነት መፍቻ ደግመን ስናስኬደው ፕሮግራሙ መዋቅሩ እንደማይጸና ገልጾ ቆመ።