ስንት ይዘሽ መጣሽ?

ከሪያድ ወደ ጅማ ከተመለስኩ ወዲህ ማታ ማታ በቀኑ የተሰማኝንና የተደረገልኝን ደግነት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እንቅልፍ ቶሎ አይመጣልኝም። የሪያድና የጅማ ሰዓት አንድ ነው፤ ግን እዚያ የምሠራበት ቤት ሰው የሚተኛው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ነበር። ሰውነቴ ያንን ልማድ ገና አልለቀቀም።

ዛሬ መጀመሪያ የጻፍኩት «ከፋኝ» የሚል ነው። እሱ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ስለዚህ መቼ እንደጀመረኝና የቱ ጋ እንደተሰማኝ ራሴን ጠየቅኩ። የጀመረኝ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነው። ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ፊቴ ጋለ። ንዴት ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ነው የተመኘሁት። ሀፍረት ነው እንግዲህ። ይሄን ሳልለይ ብቀር ማታ ብስጭቴን እህቴ ላይ ነበር የምወጣው፤ ምስኪን፣ ምንም በሌለችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እንግዳ፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ ሰው ሁሉ ፊት «እና ስንት ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ። የላክሁት ብር የእናቴ ቤት ቆርቆሮና የወንድሜ ትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል። የመጨረሻውን ደሞዜንማ አሠሪዬ ሳትሰጠኝ ነው የመጣሁት። ይሄን ቡና ላይ ከየት ጀምሬ ላውራው?

የዛሬው ደግነት እዚህ ጋ ነው። ደግነት ስጽፍ «ቤተሰቤ፣ ጤናዬ» ብዬ አላልፍም፤ እንደዚያ ሲሆን ከአፍ የወጣ ጸሎት ይመስላል። ማን ምን እንዳደረገ ነው የምጽፈው። የቤቱ እማማ ስኒ እያጠቡ ነበር። ቀና እንኳን ሳይሉ «ልጄ መጀመሪያ ቡናዋን ትጠጣ እስቲ» አሉ። አጠገባቸው የነበረችውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወደ እኔ ገፉልኝ። ከዚያ የመጀመሪያውን ስኒ ለእኔ ሰጡኝ። በወጉ ለትልቅ ሰው ነው የሚቀድመው፣ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ። ሁሉም ገባው። ወሬው ወደ ስኳር ዋጋ ዞረ።

ከዛሬ የተማርኩት፣ ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ ቀድሞ መያዝ እንደሚያስፈልግ ነው። እማማ ሁልጊዜ አጠገቤ አይኖሩም፤ ሐሙስ ገበያ ስወጣ ደግሞ ይሄው ጥያቄ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። «ቤቱ ላይ ነው ያለው፣ ኑና እዩት» እላለሁ። ድምፄን አውጥቼ ስለማመደው ወንድሜ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ማብራራት ከጀመርኩ ግን ጉሮሮዬ እንደገና ይያዛል።

የደሞዙን ነገር ደብተሩ አይፈታውም። እሱን ለብቻው ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ሥራ የጀመርኩበትን ቀን፣ የተስማማንበትን ክፍያ፣ ያልተከፈለኝን ወር። ከአሠሪዬ ጋር የተጻጻፍናቸው መልእክቶች ስልኬ ላይ አሉ፤ ጠዋት ከመጥፋታቸው በፊት ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ስልክም እልካለሁ።