«አሜን፣ ላንቺም ያድርግልሽ» እያልኩ ያስቀየምኳት ጓደኛዬ

ልጄ በተወለደች በአሥረኛው ቀን ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። እስከ ማታ 140 ያህል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተጻፈልኝ። ልጄን እያጠባሁ በአንድ እጄ ነበር የምመልሰው። ፌስቡክ እናውቃለን የሚሉት «ለሁሉም ቶሎ መልሱ» ይላሉ። እኔም «አሜን፣ ላንቺም ያድርግልሽ» የሚለውን አንዴ ጽፌ እየገለበጥኩ ከሁሉም ስር መለጠፍ ጀመርኩ።

ወደ ሠላሳ ስደርስ ፌስቡክ አገደኝ። ያው ጽሑፍ ሲደጋገም አይፈለጌ መልእክት ይመስለዋል። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ማገዱ በጀኝ።

ጠዋት ተነስቼ የለጠፍኩትን አነበብኩ። አብሮኝ የሚሠራውን ወንድ «ላንቺም» ብዬዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ «እርስዎ» የምላቸውን የአባቴን ጓደኛም እንዲሁ። ከዚያ አንዷ ጓደኛዬ ጋ ደረስኩ። ከአምስት ወር በፊት የሰባት ወር ፅንስ ሞቶባታል። ሆስፒታል አብሬያት ነበርኩ። «እግዚአብሔር ያሳድግልሽ» ብላ ጽፋለች። እኔ «ላንቺም ያድርግልሽ» ብያታለሁ። ከስሩ ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው «አዎ፣ ያንቺስ መቼ ነው?» ብሎ ጨምሯል።

ማስተካከል አልፈለግኩም፤ የተስተካከለ ኮሜንት የቀድሞው ጽሑፍ ተከፍቶ ይታያል። ሁለቱንም ሰርዤ ደወልኩላት። «ምርቃቱ ክፉ አይደለም» አለችኝ። «የጻፍኩትን ሳታነቢ መመለስሽ ነው የከፋኝ።» የምመልሰው አጣሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ቶሎ መመለሱን ተውኩት። በየማታው ሃያ ብቻ፣ እያነበብኩ። ሳምንት ፈጀብኝ፤ ዘገየሽ ያለኝ ግን የለም። ሰው የጻፈው ቃል ራሱ መልሱን ይዞ ይመጣል። «እንኳን ደስ አለሽ» ላለኝ «እንኳን አብሮ ደስ አለን»። «ያሳድግልሽ» ላለኝ «አሜን፣ ያሳድግልን»። «መብሩክ፣ አላህ ያሳድጋት» ላለችኝ ጎረቤቴ «አሚን»። ስሙ ወንድ ይሁን ሴት ለማይለይ ሰው «እድሜ ይስጥልኝ» ይበቃል፤ አንተም አንቺም የለበትም። ለትልልቅ ሰዎችም ያምራል። ልብ ብቻ ለላከ ልብ መላክ ነው፤ ቃል ማባከን አያስፈልግም።

ውለታ የዋለልኝን ሰው ግን ውለታውን አነሳበታለሁ። ለአክስቴ «የላክሽልኝ አጥሚት ነው ያቆመኝ» ብዬ ጻፍኩላት። አንድ መስመር ናት፤ እሷ ግን ደውላ አለቀሰች።

«ላንቺም ያድርግልሽ» የሚለውን ቤቷን በደንብ ለማውቃት፣ ያውም በአካል ሳገኛት ብቻ ነው የምለው።

ጓደኛዬ በ80ኛው ቀን ለክርስትናው መጣች። ልጄን ታቅፋ ፎቶ ተነሳን። ፎቶውን ለእሷ ብቻ ላክሁላት።