460 ሺህ የማይሆነው የ460 ሺህ ብር ደረሰኝ

አዳማ ውስጥ የጥቃቅን ነጋዴዎችን መዝገብ የምይዝ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከደንበኞቼ አንዷ ለሆቴሎች አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ልብስ የሚሰፋ አነስተኛ ወርክሾፕ አላት። ሆቴሎቹ በዱቤ ወስደው በሁለት ወር ይከፍላሉ፤ የጨርቁ ነጋዴ ግን ገንዘቡን ሳይቆጥር ጥቅሉን ከሱቁ አያስወጣም። ባለፉት ዓመታት ክፍተቱን የምትሞላው በዕቁብና ከዘመድ በሚገኝ ብድር ነበር።

አንድ ግንቦት ላይ ትልቅ ሥራ አስረከበች። የዕቃው ዋጋ 400 ሺህ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 60 ሺህ፣ በድምሩ 460 ሺህ ብር። ያልተከፈለ ደረሰኝን ይዞ ቅድሚያ ገንዘብ የሚሰጥ አበዳሪ መኖሩን ሰምታ ስለነበር በማግሥቱ ተያይዘን ሄድን። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተሰብሳቢ ሂሳብን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ስለፈቀደ፣ ቤትና መኪና የሌለው ሰውም ደረሰኝ ይዞ የሚገባበት በር አለ።

የብድር ሠራተኛው ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። ደረሰኙን ገለጥ አድርጎ አየና፣ «እትዬ፣ ከዚህ ውስጥ በእጅዎ የሚገባው ስንት ነው? መቼስ ነው የሚገባው?» አላት።

«460 ሺህ ነዋ! በ60 ቀን።»

«የሆቴሉን የዕቃ መረከቢያ ሰነድ ይዘው ይምጡና እንነጋገራለን» ብሎ ደረሰኙን መለሰላት። ተናደደች። መንገዱን ሁሉ «ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ካላመነ ምን ሊያምን ነው?» እያለች ነበር። እኔ ግን ልጁን ወደድኩት። ደረሰኝ ሻጩ ራሱ የሚጽፈው ወረቀት ነው፤ «ይህን ያህል ይገባኛል» ይላል እንጂ ገዢው «አዎ፣ አለብኝ» ማለቱን አያሳይም። አበዳሪው የሚፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የሆቴሉ ዘበኛና የንብረት ክፍል ሠራተኛ የጭነቱን ወረቀት ፈርመው ነበር። ፊርማው ግን ጥቅሎቹ መድረሳቸውን ብቻ ነው የሚመሰክረው። የመኝታ ክፍል ኃላፊዋ አንሶላዎቹን በሜትር ለክታ፣ ስፌቱን ገልብጣ አይታ ስትጨርስ የ20 ሺህ ብር የጠረጴዛ ልብስ ከተስማሙበት ርዝመት ያጠረ ሆኖ ተገኘ። ከታክሱ ጋር 23 ሺህ ብር ማለት ነው። ተመለሰ። የመረከቢያ ሰነዱ የወጣው ግንቦት 22 ቀን ሲሆን፣ እኛም የተመላሹን ማስተካከያ አዘጋጅተን ሂሳቡን ወደ 437 ሺህ አወረድነው። በዚህ ላይ ሆቴሉ ሲከፍል ቅድመ ግብር ይቀንሳል። በወቅቱ በነበረው 2 በመቶ ከ380 ሺህ ላይ 7,600 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ አይጠፋም፤ በዓመቱ መጨረሻ ከግብሯ ላይ ይታሰብላታል። ነገር ግን በክፍያው ቀን በቼኩ ላይ የለም። ስለዚህ 460 ሺህ ያልነው 429,400 ብር ሆነ።

ቀኑንም እንዲሁ መፈተሽ ነበረብን። የዚያኑ ሆቴል የቀድሞ ደረሰኞች አንድ በአንድ ከባንክ ወረቀቶች ጋር አመሳከርኩ። ከ75 ቀን በታች የተከፈለ አልነበረም፤ አንዱ እንዲያውም 90 አልፏል። ሆቴሉ ውሉን አፍርሷል ማለት አይደለም። 60 ቀኑን የሚቆጥረው ዕቃው ከገባበት ሳይሆን ሙሉ ሰነዱ ሂሳብ ክፍል ከደረሰበት ቀን ነው፤ ከዚያም ቼክ የሚፈረመው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ብቻ ነው። ወቅቱም አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጀታቸው ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ሥልጠናና ስብሰባቸውን አዳማ ላይ ያጣድፋሉ፤ አዳራሹ ሲሞላ አንሶላም ይታዘዛል። ሆቴሉ ራሱ ግን ከእነዚያ መሥሪያ ቤቶች የሚሰበስበው ሂሳብ ይኖረዋል። ሐምሌ ላይ «ገንዘብ አልገባልንም» የሚል የሂሳብ ኃላፊ ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም።

የአበዳሪው ዋጋ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በሚሰጠው ገንዘብ ላይ 1 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በየወሩም 1.5 በመቶ ወለድ ያስከፍላል። መጀመሪያ እንዳሰበችው የደረሰኙን 80 በመቶ፣ ማለትም 368 ሺህ ብር ወዲያው ብትወስድና ሆቴሉ በሁለት ወር ቢከፍል ወጪዋ 14,720 ብር ነበር። ሆቴሉ በልማዱ ወደ ሦስት ወር ሲያስኬደው 20,240 ይሆናል። ከዚህ ሥራ የምትጠብቀው ትርፍ 48 ሺህ ገደማ ነበር። ሁለት አምስተኛው ሊሄድ ነው ማለት ነው። ሆቴሉ ጭራሽ ባይከፍል ደግሞ ዕዳው ወደ እርሷ ይመለሳል፤ ውሉ እንደዚያ ይላል።

«ታዲያ ይቅር?» አለችኝ። እንዲቀር አልፈለግሁም። የሚያስፈልጋትን ብቻ እንቁጠር አልኳት። ለሚቀጥለው ትእዛዝ ጨርቅ 190 ሺህ። ለሰፊዎች ደመወዝ 33 ሺህ። ሦስተኛው ወጪ ሰው የሚረሳው ነው፤ ታክሱ የሚከፈለው ደረሰኙ በተቆረጠበት ወር ሂሳብ ስለሆነ፣ ሆቴሉ ሳንቲም ሳይከፍላት የግንቦቱን በሰኔ መጨረሻ ማስገባት አለባት። ለጨርቁ የከፈለችው ታክስ ተቀናንሶ 27 ሺህ ይቀራል። ድምሩ 250 ሺህ ብር። ለተቀረው መጠበቅ ትችላለች፤ በእጇ ተቀምጦ ወለድ የሚበላ ገንዘብ አያስፈልጋትም።

የቀረው የሆቴሉ ደብዳቤ ነበር። አበዳሪው ሆቴሉ ሂሳቡን እንዲያምንና ክፍያውን በቀጥታ ወደ አበዳሪው አካውንት እንዲያደርግ በጽሑፍ ይጠይቃል። የሂሳብ ኃላፊው ሲያነበው ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ለሰው ብድር ዋስ አልሆንም!» አለ። ብዙዎች የሚደናገጡት በዚህ ነው። ያለበትን ዕዳ የሚጨምር ቃል በደብዳቤው ውስጥ እንደሌለ፣ የሚለወጠው የሚከፍልበት አካውንት ብቻ እንደሆነ መስመር በመስመር አሳየሁት። አንድ ነገር እንዲጨመር ጠየቀ፤ ወደፊት ዕቃው ላይ ጉድለት ቢገኝ ከክፍያው መቀነስ መብቱ እንዲጠበቅ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አበዳሪውም ተቀበለ። ከዚያ ኃላፊው ራሱ የአቅራቢዎች ዝርዝር ላይ የድሮውን አካውንት ሰርዞ አዲሱን አስገባ። ይህን ቆሜ ነው ያስደረግሁት፤ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ገንዘቡ በልማድ ወደ አሮጌው አካውንት ሲሄድ ከሌላ ደንበኛዬ ጋር አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሻጩ ሳያውቀው የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ ይገባል፤ ካጠፋውም ክርክሩ ከባድ ነው።

ግንቦት 30 ገንዘቡ ገባ። ሆቴሉ ነሐሴ 14 ከፈለ፤ ሁለት ወር ተኩል መሆኑ ነው። ወለዱ 9,375፣ የአገልግሎት ክፍያው 2,500፣ በጠቅላላው 11,875 ብር። አበዳሪው የራሱን አስቀርቶ 167,525 ብር አስተላለፈላት።

መስከረም ላይ አዲስ የዋጋ ማቅረቢያ ስታዘጋጅ ሁለት ዓምድ አደረገችው፤ አንዱ በ15 ቀን ለሚከፍል፣ ሌላው ሰነዱ ሂሳብ ክፍል ከደረሰ በኋላ በ60 ቀን ለሚከፍል። ልዩነቱ 3 በመቶ ነው። የሆቴሉ ግዢ ክፍል ለአንሶላው ሁለተኛውን፣ ለትራስ ልብሱ የመጀመሪያውን መርጦ ፈረመ።