ሽያጬ ከእጥፍ በላይ ባደገበት ወር ለምን ከሰርኩ?

በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቆላና የተፈጨ ቡና በ250 ግራም እሽግ ለሰፈር ሱቆች ማከፋፈል ስጀምር፣ ከማርኬቲንግ ትምህርቴ ስለ ዋጋ የማስታውሰው ሦስት ስልቶችን ነበር፤ ወጪ ላይ ትርፍ መደመር፣ በዝቅተኛ ዋጋ ገበያ ሰብሮ መግባት እና በከፍተኛ ዋጋ ጀምሮ ቀስ በቀስ መውረድ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የራሴ መዝገብ ናቸው፤ ለስሌት እንዲመቹ ጥቂት አጠጋግቻቸዋለሁ፣ ታክሱንም ትቼዋለሁ።

የጀመርኩት ቀላል በመሰለኝ በመጀመሪያው ስልት ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና በ400 ብር ስለምገዛ፣ አራት እሽግ ይወጣዋል ብዬ ለእያንዳንዱ 100 ብር መዘገብኩ። ነገር ግን ቡና ሲቆላ እርጥበቱ ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ የመጀመሪያውን ቁሌት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው የቀረኝ 820 ግራም ብቻ ነበር፣ ይኸውም ሦስት እሽግና ጥቂት ትርፍራፊ ነው። ስለዚህ የአንዱ እሽግ ቡና 122 ብር ሆነ። ማስቆያና ማስፈጫ 10፣ ከረጢትና መለያ ወረቀት 18፣ ማጓጓዣ 5 ብር ሲጨመር ከሽያጩ ጋር አብሮ የሚጨምረው ወጪ 155 ብር ደረሰ። የቤት ኪራይ፣ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝና የመሳሰሉት ደግሞ በወር 30,000 ብር ነበሩ። በወር 1,500 እሽግ እሸጣለሁ ብዬ ስለገመትኩ ይህን ወጪ ለ1,500 አካፍዬ በእያንዳንዱ ላይ 20 ብር ጨመርኩ። ድምሩ 175 ብር ሲሆን፣ 20 በመቶ ትርፍ ደምሬ ለሱቆች በ210 ብር ማስረከብ ጀመርኩ።

በመጀመሪያው ወር የተሸጠው 600 እሽግ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ 55 ብር ተርፎኝ 33,000 ብር ስላገኘሁ፣ ቋሚው ወጪ ተከፍሎ 3,000 ብር እጄ ላይ ቀረ። ያኔ ነው የስልቱ ድካም የገባኝ። 30,000 ብሩን ለ600 ሳካፍለው በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የሚያርፈው 50 ብር ስለሚሆን ወጪዬ 205 ብር ይደርሳል፤ የ20 በመቶ ትርፍ ሕጌን ካከበርኩ ደግሞ ዋጋውን ወደ 246 ብር ማሳደግ አለብኝ ማለት ነው። በ210 ብር ያልወጣ ቡና በ246 ብር ምን ያህል እንደሚሸጥ መገመት አያዳግትም። ሽያጩ ሲቀንስ ወጪው በእሽግ ሲታይ እንደገና ይጨምራል፣ ስሌቱም እንደገና ዋጋ ጨምር ይላል። ወጪ ላይ የሚደመር ዋጋ የሚሸጠውን ብዛት አስቀድሞ እንደሚታወቅ አድርጎ ይነሣል፤ ብዛቱን የሚወስነው ግን ራሱ ዋጋው ነው።

በዚህ ተስፋ ቆርጬ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ፤ ማስረከቢያውን ወደ 165 ብር አወረድኩ። ሐሳቤ ሰው አንዴ ከቀመሰው በኋላ ይለምደዋል፣ ብዛት ሲመጣም ወጪ ይወርዳል የሚል ነበር። በዚያ ወር 1,400 እሽግ ተሸጠ፣ እኔም ለጥቂት ቀናት ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። መዝገቡን ስዘጋ ግን ከእያንዳንዱ እሽግ የተረፈኝ 10 ብር ብቻ ስለነበር ያገኘሁት 14,000 ብር ሆነ፤ የ30,000 ብሩ ቋሚ ወጪ ሲነሣለት የ16,000 ብር ኪሳራ ተመዘገበ።

ዋጋ ከማውረዴ በፊት ሁለት መስመር ስሌት ብሠራ ኖሮ ይህ ይታየኝ ነበር። በ210 ብር ስሸጥ ቋሚውን ወጪ ለመሸፈን 546 እሽግ ይበቃኛል፤ በ165 ብር ግን 3,000 እሽግ ያስፈልጋል። ዋጋው የወረደው በአንድ አምስተኛ ገደማ ሲሆን፣ መሸጥ ያለብኝ ብዛት ከአምስት እጥፍ በላይ አድጓል። ዝቅተኛ የመግቢያ ዋጋ የሚያዋጣው አብዛኛው ወጪ አስቀድሞ ለወጣበትና አንድ ተጨማሪ ደንበኛ ማገልገል እምብዛም ለማያስወጣበት ሥራ ነው፤ የስልክ ኔትወርክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ምሰሶው አንዴ ከተተከለ በኋላ የሚጨመረው ጥሪ ብዙ አያስወጣም። በእኔ ሥራ ግን ከ155 ብሩ 122ቱ ጥሬ ቡናው ነው። ሦስት እጥፍ ብገዛም ነጋዴው በኪሎ የሚቀንስልኝ ጥቂት ብር ብቻ ነበር።

ሌላም ያላሰብኩት ነገር ነበር። አንድ ሱቅ ጎራ ስል ቡናዬ መደርደሪያው ላይ በድሮው ዋጋ፣ በ245 ብር ተለጥፎ አገኘሁት። ባለሱቁን ብጠይቀው «አንተ ለእኔ ቀነስክልኝ እንጂ ለሰው ቀንስ አላልከኝም» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ዋጋው መልሶ ሳይጨምር ብለው በብዛት ገዝተው ስላከማቹ፣ በቀጣዩ ወር የታዘዘልኝ 250 እሽግ ብቻ ነው። ከ1,400ው ውስጥ ብዙው ወደ ሰው ቤት ሳይሆን ወደ ሱቅ ጓዳ ነበር የገባው፤ የተፈጨ ቡና መዓዛው ሲቆይ ስለሚጠፋም 90 እሽግ መልሼ ለመቀበል ተገደድኩ። ማስረከቢያውን ወደ 205 ብር ስመልስ ሦስት ሱቆች ተዉኝ፤ እነርሱ ዘንድ የቡናዬ ትክክለኛ ዋጋ 165 ብር ሆኖ ቀርቶ ነበርና።

ሦስተኛው ስልት ከወተት ላይ ስልባቦቱን አስቀድሞ እንደመግፈፍ ነው፤ ብዙ ለመክፈል ፈቃደኛ ከሆኑት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ይወረዳል። 60 ኪሎ ከነገለፈቱ የደረቀ የተመረጠ የጉጂ ቡና ገዝቼ 250 ግራም የሚይዝ 196 የስጦታ ሣጥን አዘጋጀሁ። አንዱ ሣጥን 260 ብር ያስወጣኝ ነበር፤ ያለ ሱቅ፣ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቶችና ወደ ውጭ ለሚሄዱ መንገደኞች በ480 ብር አቀረብኩት። በሁለት ወር 110 ሣጥን ሲሸጥ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ዋጋውን ወደ 390 ብር ሳወርደው ግን ቀሪው 86 በሦስት ሳምንት አለቀ። ሁሉንም ከመጀመሪያው በ390 ብር ብሸጥ ኖሮ 25,480 ብር ይተርፈኝ ነበር፤ በዚህ መንገድ የተረፈኝ 35,380 ብር ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋውን ባወረድኩ በማግስቱ ከሳምንት በፊት 20 ሣጥን የገዙኝ አንዲት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ደውለው «ባለፈው ሳምንት አሞኘኸኝ ማለት ነው?» አሉኝ። አፕልም በ2007 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አይፎን በ599 ዶላር አውጥቶ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ወደ 399 ዶላር ሲያወርድ ይኸው ገጥሞት፣ ቀድመው ለገዙት የ100 ዶላር የመግዣ ሂሳብ ሰጥቶ ነበር። እኔም ለእርሳቸው ልዩነቱን 1,800 ብር ለቀጣዩ ግዢ እንዲታሰብላቸው አደረግሁ።

ከዚያ ወዲህ የዚያኑ ሣጥን ዋጋ አላወርድም፤ የሚወርደው ዕቃው ራሱ ነው። ሁለተኛው ዙር በ480 ብር ሲቀዘቅዝ ያንኑ ቡና ያለ ሣጥን በ125 ግራም ከረጢት በ190 ብር አወጣሁት። ወጪው 110 ብር ስለሆነ 80 ብር ይተርፈዋል፤ በግራም ሲሰላ ከ390 ብሩ ሣጥን እንኳ በጥቂቱ የረከሰ ነው፣ ሣጥኑን የገዛ ሰው ግን እስካሁን አልደወለልኝም።